ባዶ ቦታ ላይ ያለቀ ሕንፃ በፎቶ ማሳየት፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው ሥራ ይሆናል?

የባዶ መሬት ወይም ፌሮው ወደ ላይ ቀርቶ የቆመ ግንባታ ፎቶ ይላካል። አብሮት «ኢንጂነር፣ ቤቱ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል እዚሁ ላይ አስቀምጥልኝ» የሚል መልእክት ይመጣል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ግን ብዙ ጊዜ የሚወጣው ምስል ቤቱ ከሰፈሩ ጋር ያልተዋወቀ፣ መሬት ያልነካ፣ ፀሐይ ከሌላ አቅጣጫ የምትመታው ነገር ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የሠሪው ችሎታ ማነስ አይደለም። ለሥራው የማይሆን መንገድ ተመርጦ ነው።

ዋናዎቹ መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ያለቀ ሬንደር ቆርጦ በፎቶሾፕ ፎቶው ላይ መለጠፍ ነው። ሁለተኛው የሕንፃውን ሞዴል ፎቶውን ባነሳው ካሜራ ልክ አቁሞ፣ የዕለቱን ፀሐይ ሰጥቶ ሬንደር ማድረግ ነው። ሦስተኛው ፎቶውን ለኤአይ ሰጥቶ «እዚህ ላይ ሕንፃ ሥራ» ማለት ነው። የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። ምስሉን አይቶ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ካለ፣ ሁለተኛው መንገድ ነው። ሌሎቹ ቦታ አላቸው፤ ቦታቸው ግን ጠባብ ነው።

በመጀመሪያ ፎቶው

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ የሥራው ግማሽ የሚያልቀው ሳይት ላይ ነው። ስልክ ከሆነ በዋናው ሌንስ፣ ማለትም በ1x አንሱ። 0.5x የሚለው ሰፊ ሌንስ ሰፈሩን ሁሉ ያስገባል፤ ግን ዳርና ዳር ያለውን ይለጥጠዋል፣ ቀጥ ያለውን መስመርም ያጎብጠዋል። ፎቶው ላይ በጎበጠ መስመር ካሜራ ማስተካከል አይቻልም።

ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ሁለት ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ዘንግ በቦታው ማዕዘኖች ላይ አቁሙ። ከተቻለ አራቱም ማዕዘን ላይ። በማዕዘኖቹ መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ። ከዚያ ስልኩ ከቆመበት ሳይነቃነቅ አንድ ፎቶ ከነዘንጉ፣ አንድ ደግሞ ያለ ዘንግ አንሱ። ስልኩ ከመሬት ስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንደነበረ ጻፉ። በመጨረሻም እዚያው ቆማችሁ ዞር በሉና ከኋላችሁ ያለውን ሰፈር አንሱ። ለምን እንደሚጠቅም ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ፎቶው በቴሌግራም ከተላከላችሁ እንደ ፋይል እንዲላክ ጠይቁ። እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ መጠኑ ይቀንሳል፤ ከውስጡ የተቀመጠው የሰዓትና የሌንስ መረጃም ይጠፋል። ሰዓቱ ከጠፋ ፀሐይዋ የት እንደነበረች በግምት ልትሠሩ ነው።

አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ

ቦታው አዲስ አበባ ነው እንበል። ከመንገዱ በስተሰሜን ያለ ባዶ ቦታ፣ ፊቱ ወደ ደቡብ፣ በቆርቆሮ የታጠረ። የሚሠራው 10 ሜትር ወርድና 10 ሜትር ከፍታ ያለው ጂ+2 ነው። በስተግራ፣ ማለትም በምዕራብ፣ በሦስት ሜትር ርቀት 7 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጎረቤት ጂ+1 አለ። በስተቀኝ መንገዱ ዳር ትልቅ ዛፍ ቆሟል። ፎቶው የተነሳው ታኅሣሥ 12 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን፣ አንሺው ከመንገዱ ማዶ በቦታው የቀኝ ጫፍ ትይዩ ቆሟል።

በዚያ ሰዓት ፀሐይ ከአድማስ 31 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ በምሥራቅና በደቡብ መካከል ትገኛለች። ከሰሜን በሰዓት አቆጣጠር ዙር ብትለኩ 124 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ጥላ ሁሉ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወድቃል። የሁለት ሜትሩ ዘንግ ጥላ 3.37 ሜትር ያህል ይሆናል። ይህን ማወቅ ያለ ሰዓትም ያድናችኋል። የሰዓቱ መረጃ ጠፍቶ የዘንጉ ጥላ በሜትር ከተለካ፣ የፀሐይዋን ከፍታ ራሳችሁ ታወጣላችሁ፦

```
atan(2 / 3.37) = 30.7°
```

አሁን ሕንፃው ሲቆም ምን እንደሚሆን አስቡ። የ10 ሜትሩ ቤት ጥላ ወደ 17 ሜትር ይረዝማል። ሦስት ሜትር ተሻግሮ የጎረቤቱ ግድግዳ ላይ ሲደርስ ገና 7.8 ሜትር ከፍታ አለው። የጎረቤቱ ቤት 7 ሜትር ነው። ማለትም ዛሬ ፎቶው ላይ ፀሐይ የሞላው የጎረቤቱ ምሥራቃዊ ግድግዳ፣ ቤቱ ካለቀ በኋላ ከፊት ለፊቱ ሁለት ሜትር ያህል ሲቀር ጥላ ውስጥ ይገባል። ከመንገድ ማዶ ስታዩ በክፍተቱ በኩል የሚታየው የዚያ ግድግዳ ክፍል ግማሹ ብርሃን ግማሹ ጨለማ መሆን አለበት። የዛፉ ጥላ ደግሞ አዲሱ ቤት ፊት ላይ ይወድቃል።

ሦስቱ መንገዶች የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። ቤቱን ማስቀመጥ ሁሉም ይችላሉ። ቤቱ በሰፈሩ ላይ፣ ሰፈሩም በቤቱ ላይ የሚያደርሰውን ማሳየት ግን ለሁሉም አይሆንላቸውም።

መለጠፍ መቼ ይበቃል?

ፎቶሾፕ ብቻውን የሚበቃባቸው ሁኔታዎች አሉ። ሕንፃው ከሩቅ የሚታይና በፎቶው ውስጥ ትንሽ ቦታ የሚይዝ ከሆነ ይበቃል። ፎቶው በክረምት፣ ሰማዩ ሙሉ በሙሉ ደመና ሆኖ የተነሳ ከሆነም ይቀላል። ያኔ አቅጣጫ ያለው ጥላ ስለሌለ፣ ከቤቱ ሥር መሬቱን ትንሽ ማጥቆር ብቻ ይቀራል።

ሌላው ምቹ ሁኔታ ኮለኑና ሶሌታው አልቆ ብሎኬቱም የተደረደረ ግንባታ ነው። እዚያ ሕንፃው ራሱ ቆሟል፤ የቀረው ልስን፣ ቀለም፣ መስኮትና የበረንዳ ብረት ነው። የግድግዳውን ቀለም በ Multiply ብትደርቡት ከሥሩ ያለው እውነተኛ ብርሃንና ጥላ እንዳለ ይቀራል። ለዚህ ሥራ ሞዴል መሥራት ጊዜ ማባከን ነው።

ለእኛ ጉዳይ ግን አይሆንም። አርክቴክቱ የላከው ሬንደር ፀሐይ ከግራ የምትመታው ነው እንበል፤ ፎቶው ላይ ደግሞ ከቀኝ ናት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ምስሉን አግድም ይገለብጠዋል። ሲገለበጥ የመኪና በሩም፣ ደረጃውም ወደ ተቃራኒው ጎን ይሄዳል። ደንበኛው የሚያየው ያልተነደፈለትን ቤት ነው። ሬንደሩ የታየበት ከፍታም ይለያል። አርክቴክቶች ብዙ ጊዜ ከላይ ትንሽ ከፍ ብለው ያሳያሉ፤ ፎቶው ግን ከሰው ዓይን ቁመት ነው። የጣሪያው ላይኛ ክፍል ከታየ፣ በመጎተትና በመለጠጥ አይስተካከልም።

ካሜራውን ማዛመድ

ሁለተኛውን መንገድ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ፤ ሰው የሚፈራው ይህን ነው። ፍርሃቱ ያለ ቦታው ነው። ሞዴሉ ዝግጁ ከሆነ ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

በብሌንደር ለሚሠራ ሰው fSpy የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ስኬችአፕ ያለው ደግሞ Match Photo የሚለውን ይጠቀማል። አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው። ፎቶው ላይ በእውኑ ዓለም ትይዩ የሆኑ ሁለት መስመሮችን ታሰምራላችሁ፤ ለምሳሌ የጎረቤቱን የላይኛ ሶሌታ ጠርዝና የመስኮቶቹን ሥር። ከዚያ ከእነሱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚሠሩ ሌሎች ሁለት መስመሮችን ትጨምራላችሁ። ፕሮግራሙ መስመሮቹ ከሚገናኙበት ነጥብ ተነሥቶ ካሜራው የት ቆሞ ወዴት ይመለከት እንደነበር ያሰላል። የዘንጎቹ ርቀት ደግሞ ልኬቱን ይሰጠዋል።

ባዶ ቦታ ላይ ትልቁ ወጥመድ የቆርቆሮ አጥሩ ነው። ረጅምና ቀጥ ያለ ስለሆነ ዓይን ወዲያው እሱን ይመርጣል። ነገር ግን አጥር መሬቱን ተከትሎ ይወርዳል፣ ይወጣል። የአዲስ አበባ መንገድ ደግሞ ሜዳ የሆነበት ጥቂት ነው። በአጥሩ ጫፍ ካሰመራችሁ ካሜራው ያዘነብላል፤ ቤቱም ቁልቁል እንደሚንሸራተት ሆኖ ይቆማል። ሁልጊዜ ውሃ ልክ የተጠበቀለትን መስመር ፈልጉ፦ ሶሌታ፣ የመስኮት ጠርዝ፣ በረንዳ። ግንባታው ተጀምሮ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ዕድል የለም፤ ሶሌታዎቹ ራሳቸው መስመር ናቸው።

ማስተካከሉ መሳካቱን በሁለት ነገር ታረጋግጣላችሁ። የመጀመሪያው የሌንሱ ልክ ነው። የስልኩ መረጃ 26 ሚሊሜትር እያለ ፕሮግራሙ 40 ካወጣ፣ ከመስመሮቹ አንዱ ስቷል። ፎቶው ተቆርጦ የመጣ ከሆነም እንዲሁ ይስታል፤ ፕሮግራሙ የምስሉን መሃል የሌንሱ መሃል አድርጎ ስለሚያስብ ያልተቆረጠውን ኦሪጅናል አስልኩ። ሁለተኛው የአድማሱ መስመር ነው። ስልኩ ከመንገዱ 1.6 ሜትር ከፍታ ላይ ከነበረ፣ አድማሱ በፎቶው ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ ከዚያው መንገድ 1.6 ሜትር ላይ ያቋርጠዋል። ቦታው ከመንገዱ አንድ ሜትር ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ቤቱን ከወለሉ 60 ሳንቲም ላይ ያቋርጠዋል። ዘንጎቹ ላይ ይህን ካያችሁት ሞዴሉን ማስቀመጥ ትችላላችሁ።

ቀጥሎ ፀሐይ። ስኬችአፕ ቦታውን ካልነገራችሁት የሚነሳው ከአሜሪካ ኮሎራዶ ነው። እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ ናት። አዲስ አበባ ግን 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ድረስ የእኛ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ሰኔ ላይ በቀትር የተነሳ ፎቶ ላይ የኮሎራዶን ፀሐይ ብትሰጡት ጥላው በትክክል ተገልብጦ ይወድቃል። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ አቅጣጫው ትክክል ይመስላል፤ ከፍታው ግን ይሳሳታል። በቀትር አዲስ አበባ 57 ዲግሪ ሲሆን እዚያ 26 ብቻ ነው።

በብሌንደር Sun Position የሚባለው ተጨማሪ ላይ 9.0 ሰሜን፣ 38.75 ምሥራቅ አስገቡ፤ የሰዓት ቀጠናው +3 ነው። ሰዓቱን እንደ ፈረንጅ ጻፉ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት ለፕሮግራሙ 9፡00 ነው። 3፡00 ብትጽፉ ሌሊት ስለሚሆን ምስሉ ጨልሞ ራሱ ይነግራችኋል። ቀጠናውን 0 አድርጎ መተው ግን የባሰ ነው። የቀትር ፀሐይ ይሰጣችኋል፤ ምስሉም ያማረ ይሆናል፣ ግን ስህተት ነው። ስለዚህ በሞዴሉ ውስጥም የሁለት ሜትር ዘንግ አቁሙና ጥላው ፎቶው ላይ ካለው ዘንግ ጥላ ጋር መገጠሙን ሳታዩ አትለፉ።

ጥላው እንዲወድቅ የሚቀበለው ነገር ያስፈልጋል። መሬቱን ወክሎ አንድ ጠፍጣፋ ገጽ፣ የጎረቤቱን ቤት ወክሎ አንድ ተራ ሳጥን ሥሩና Shadow Catcher የሚለውን አብሩላቸው። እነሱ አይታዩም፤ የሚወድቅባቸው ጥላ ብቻ ይታያል። በዛፉ ቦታ ደግሞ ለካሜራ የማይታይ፣ ጥላ ብቻ የሚጥል ዛፍ አቁሙ። የጎረቤቱ ግድግዳ ግማሹ ጨልሞ፣ የቅርንጫፎቹ ጥላ አዲሱ ልስን ላይ ሲወርድ፣ ቤቱ ያን ጊዜ ነው መሬት የሚነካው።

የጥላውና የነጩ ልክ

አቅጣጫው ትክክል ሆኖም ምስሉ «የተለጠፈ» የሚመስልበት ጊዜ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የጥላው ጥቁረት ነው። መለኪያው ፎቶው ውስጥ ነው ያለው። አስፋልቱ ፀሐይ ላይ ምን ያህል እንደሚነበብ፣ እዚያው አጠገብ በዛፉ ጥላ ውስጥ ደግሞ ምን ያህል እንደሚነበብ በቀለም መልቀሚያው እዩ። ለምሳሌ 150 ከነበረው ወደ 60 ከወረደ፣ የእናንተም ቤት ጥላ አስፋልቱ ላይ 60 አካባቢ መሆን አለበት። ቀለሙም ጥቁር አይደለም። ጥላ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ከሰማይ ስለሆነ ወደ ሰማያዊ ያደላል።

ለነጩም እንዲሁ። የጎረቤቱ ነጭ ልስን ፀሐይ ላይ 225 ከሆነ የእናንተ ነጭ 250 አይሆንም። ብሌንደር ላይ View Transform የሚለውን Standard ላይ አድርጉ፤ አለዚያ የሬንደሩ ቀለም ከፎቶው በተለየ ስሌት ይወጣና ስታስተካክሉ ትውላላችሁ። ቀይ አፈር ካለ የነጩ ግድግዳ ታችኛው አንድ ሜትር ቀላ ይላል። ይህን የሚያመጣው ከመሬት የሚነጥረው ብርሃን ስለሆነ፣ መሬት ለወከለው ገጽ የአፈሩን ቀለም ስጡት።

ዞር ብላችሁ ያነሳችሁት ፎቶ አሁን ይፈለጋል። የመስኮት መስታወት የሚያሳየው ከፊቱ ያለውን፣ ማለትም ከእናንተ ኋላ የነበረውን ነው። ያን ፎቶ ከካሜራው ጀርባ እንደ ትልቅ ሸራ ብታቆሙት፣ መስታወቱ ላይ የማዶው ሱቅና ቆርቆሮ ጣሪያ ይታያል። ከኢንተርኔት የተገኘ የባሕር ዳርቻ ሰማይ ቃሊቲ መስኮት ላይ ሲታይ ግን ማንም ይነቃል።

በመጨረሻ ከቤቱ ፊት ያለው ሁሉ ወደ ፊት ይመለስ፦ አጥሩ፣ ዛፉ፣ የመብራት ምሰሶው፣ ሽቦው። ሽቦ ቆርጦ ማውጣት አድካሚ ነው። በቀጭን መስመር ደግሞ ማስመሩ ይቀላል።

ኤአይ የት ድረስ?

እውነቱን ለመናገር ኤአይ ብርሃኑን አንዳንዴ በሚገርም ሁኔታ ያስማማዋል። በደቂቃ ውስጥ አምስት ዓይነት ፊት ያለው ቤት ያሳያችኋል። ደንበኛው ገና ምን ዓይነት ቤት እንደሚፈልግ ሳይወስን፣ ከፕላን በፊት ለሚደረግ ውይይት ከዚህ የፈጠነ የለም።

ችግሩ የተነደፈውን ቤት ሳይሆን የሚመስለውን ቤት መሥራቱ ነው። ጂ+2 ስትሉት ጂ+3 ያወጣል። የመስኮት ቁጥር ይቀይራል። ወርዱ 10 ሜትር የሆነው ቤት ወደ ጎረቤት ድንበር ይሰፋል። ሳትጠይቁት የጎረቤቱን ግድግዳ ይቀባል፣ ሽቦውን ያጠፋል፣ ኮብልስቶኑን አስፋልት ያደርጋል። ጥላ ሲጥልም የሚያምር ቦታ ላይ ይጥላል እንጂ 124 ዲግሪ ብሎ አስልቶ አይደለም። የጎረቤቱን ግድግዳ ፀሐይ እንደሞላው ሲተወው ብዙ ጊዜ ታዩታላችሁ።

ምን እንደለወጠ ለማወቅ ውጤቱን በኦሪጅናሉ ላይ ደርቡና ፎቶሾፕ ላይ Difference አድርጉት። ያልተነካው ሁሉ ጥቁር ይሆናል። ከቦታው ድንበር ውጭ፣ አዲሱ ጥላ ከሚወድቅበት በስተቀር፣ የሚያበራ ነገር ካያችሁ ሰፈሩ ተነክቷል። እኔ ኤአይን የምጠቀመው በሁለተኛው መንገድ ከተሠራ ምስል በኋላ ነው፤ ለሣር፣ ለአበባ፣ ለእግረኛ። ሕንፃውን በማስክ እከልለዋለሁ።

እንደ ሉሚየን እና ትዊንሞሽን ያሉት ፕሮግራሞች ሌላ ጉዳይ ናቸው። ቪዲዮ ወይም ብዙ ማዕዘን ከተፈለገ ሰፈሩን ራሱ በሞዴል መሥራት ግድ ይላል፤ ያኔ እነሱ ይሻላሉ። አንድ ፎቶ ላይ አንድ ቤት ለማስቀመጥ ግን ዙሪያ ጥምጥም ነው።

ለማን እንደሚሄድ ጠይቁ

ምርጫውን የሚወስነው ምስሉን የሚያየው ሰው ነው። ባለቤቱ ለራሱ የቀለም ሐሳብ ከፈለገ፣ መለጠፍም ኤአይም ይበቃል። ምስሉ ቨርጂኒያ ወይም ዱባይ ሆኖ ቦታውን በዓይኑ ሳያይ አፓርታማ ለሚገዛ ሰው የሚሄድ ከሆነ ግን ያ ሰው የሚፈርመው በምስሉ ተማምኖ ነው። ጠዋት ሳሎኑ ፀሐይ ያገኛል ወይ? ከጎን ያለው ሕንፃ ምን ያህል ይቀርባል? ሽቦው በረንዳው ፊት ያልፋል? ይህን ሁሉ ከምስሉ ላይ ያነባል። በእንግሊዝ የመልክዓ ምድር ባለሙያዎች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ለእንዲህ ዓይነት ምስል በ50 ሚሊሜትር ሌንስ እንዲነሳ የሚመክረውም ሕንፃው ከእውነተኛው ያነሰ ወይም የራቀ እንዳይመስል ነው። በስልክ የተነሳ ከሆነ ፎቶውን መሃሉን ጠብቃችሁ በወርዱም በቁመቱም በግማሽ ብትቆርጡት ወደዚያው ይጠጋል። ቆሞ የታየበት ቦታ ስላልተለወጠ እይታው አይዛባም። መቁረጡ ግን ካሜራውን ካዛመዳችሁ በኋላ ይሁን።

ምስሉን ስታስረክቡ ባዶውን ፎቶ አያይዙ። ከምስሉ ሥር የተነሳበትን ቀንና ሰዓት፣ ካሜራው የቆመበትን ቦታ ጻፉ። ሽቦ ወይም አጥር ያጠፋችሁ እንደሆነም ያንኑ እዚያው ላይ አስፍሩ።